ሃያ ዲግሪ ሁሌ እኩል አይደለም

የመኪና ኮፈን ከፍቶ ቴርሞስታቱ አካባቢ ለተመለከተ ሰው፣ አውራ ጣት የምታህል፣ ሁለት ሽቦ የተሰካባት የነሐስ ብሎን መሳይ ነገር ትታያለች። ጋራዥ ውስጥ የውሃ ሴንሰር ትባላለች። ጫፏ ሞተሩን በሚያቀዘቅዘው ውሃ ውስጥ ይጠልቃል፤ በጫፏ ውስጥ ደግሞ ቴርሚስተር የምትባል ትንሽ የሴራሚክ ፍሬ አለች። የመኪናው ኮምፒውተር ምን ያህል ነዳጅ እንደሚረጭና ፋኑን መቼ እንደሚያስነሳ ሲወስን የሚሰማው የዚህችን ፍሬ ወሬ ነው። ፍሬዋ ግን ቀጥተኛ ተናጋሪ አይደለችም።

የምትሠራው እንደ ማንጋኒዝና ኒኬል ካሉ ብረቶች የኦክሳይድ ዱቄት ነው፤ ዱቄቱ ተጨምቆ በኃይለኛ እሳት ይጠበሳል። የመዳብ ሽቦ ሲሞቅ ኤሌክትሪክ ለማሳለፍ ይበልጥ ያስቸግራል፤ እሷ ግን ስትሞቅ በቀላሉ ታሳልፋለች። እንዲህ ያለውን ጠባይ ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1833 በብር ሰልፋይድ ላይ አይቶ መዝግቦታል። ምክንያቱ መዳብ ውስጥ ኤሌክትሪክ ተሸካሚ ኤሌክትሮኖች ምንጊዜም በብዛት ልቅ ሆነው መገኘታቸው ነው። ሙቀት አዲስ ተሸካሚ አይጨምርላቸውም፤ መንገዳቸውን ያውካል እንጂ። ኦክሳይዱ ውስጥ ግን ኤሌክትሮኖቹ በየቦታቸው ተይዘው ስለሚቀመጡ፣ ከቦታቸው ለመነሳት ከሙቀት የሚያገኙት ጉልበት ያስፈልጋቸዋል። ያ ጉልበት የሚደርሳቸው ኤሌክትሮኖች ቁጥር ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር የሚያድገው በመደመር ሳይሆን በመባዛት ነው።

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። በተለመደው የክፍል ሙቀት አካባቢ አንድ ዲግሪ ሲጨምር፣ የፍሬዋ ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክን የመቋቋም አቅሟ) በግምት በመቶ አራት ይቀንሳል። የሚቀነሰው ግን በዚያች ሰዓት ካለው ላይ ነው። ከጎተራ በየቀኑ ከቀረው እህል ሃያ አምስተኛውን የሚያወጣ ሰው መጀመሪያ ብዙ ቁና ይሰፍራል፤ ጎተራው እየጎደለ ሲሄድ ግን ያው ሃያ አምስተኛ እፍኝ ብቻ ይሆናል።

በቁጥር እንየው። በብዙ የአውሮፓ መኪኖች ላይ የሚገጠመው የቦሽ ዓይነት ሴንሰር በ0 ዲግሪ 5,896 ኦም ገደማ ነው። በ20 ዲግሪ 2,500፣ በ40 ዲግሪ 1,175፣ በ60 ዲግሪ 596፣ በ80 ዲግሪ 323፣ በ100 ዲግሪ ደግሞ 186 ኦም ይሆናል። ከ0 ወደ 20 ስንሄድ ወደ 3,400 ኦም ይወርዳል፤ ከ80 ወደ 100 ስንሄድ የሚወርደው 137 ብቻ ነው። ሁለቱም ሃያ ዲግሪ ናቸው፤ ልዩነታቸው ግን ሃያ አምስት እጥፍ ያህል ነው። ሞተር የሚቃጠለው ደግሞ ለውጡ ባነሰበት ጫፍ ላይ ነው።

ኮምፒውተሩ ኦም መለካት አይችልም፤ የሚያውቀው ቮልቴጅ ነው። ስለዚህ መሐንዲሶች 5 ቮልት ያቀርቡና በመጀመሪያ ሬዚስታንሱ በማይለወጥ አንድ ሬዚስተር፣ ቀጥሎ በቴርሚስተሯ በኩል ወደ ኔጌቲቭ ያሳልፉታል። 5ቱ ቮልት ለሁለቱ እንደ ሬዚስታንሳቸው መጠን ይከፋፈላል፤ ኮምፒውተሩ የሚለካው ለቴርሚስተሯ የደረሳትን ድርሻ ነው። ቮልቴጅ ዲቫይደር የሚባለው ይኸው ነው። ቋሚው ሬዚስተር 1,000 ኦም ነው ብንል ስሌቱ ይህ ይሆናል፦

V = 5 × R / (R + 1000)

ከላይ ያሉትን ቁጥሮች በR ቦታ ብናስገባ፣ ከ0 እስከ 100 ዲግሪ በየሃያው 4.28፣ 3.57፣ 2.70፣ 1.87፣ 1.22 እና 0.78 ቮልት እናገኛለን። አሁን እርምጃዎቹን እንይ። የመጀመሪያው 0.7 ቮልት ገደማ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ከ0.8 በላይ፣ የመጨረሻው 0.44 ቮልት ነው። ሃያ አምስት እጥፍ የነበረው ልዩነት ወደ ሁለት እጥፍ ወረደ፤ ለዚያውም ሳንቲሞች በሚያወጣ ሬዚስተር!

ይህ የሆነው በብርዱ ጊዜ ቴርሚስተሯ ከቋሚው ሬዚስተር እጅግ ስለምትበልጥ ነው። ከ5ቱ ቮልት አብዛኛውን ቀድማ ይዛዋለች፤ ስለዚህ ሺህ ኦም ቢጨመርባትም ድርሻዋ ብዙ ከፍ አይልም። የተጋነነው የብርድ ጊዜ ለውጥ በዚህ ይገራል። የሁለቱ ሬዚስታንስ በተቀራረበበት አካባቢ ግን እያንዳንዷ ለውጥ ጎልታ ትታያለች። በወረቀት ላይ ቢነሳ መስመሩ ሁለት ጫፉ የተለመጠ፣ መሀሉ ለቀጥታ የቀረበ ነው። ሙሉ በሙሉ ቀጥ ስለማይል የቀረውን ኮምፒውተሩ በማስታወሻው ካለው ሰንጠረዥ ጋር እያስተያየ ያርመዋል።

የሬዚስተሩ ምርጫ ታዲያ በይሁን የሚታለፍ አይደለም። በ1,000 ፋንታ 10,000 ኦም ብናስገባ፣ ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ያለው ልዩነት 0.065 ቮልት ብቻ ይሆናል። 5 ቮልትን በ1,024 ደረጃ የሚከፍል ኮምፒውተር ከዚህ የሚያገኘው አሥራ ሦስት ደረጃ ገደማ ነው፤ አንዱን ዲግሪ ከሌላው ለመለየት አይበቃውም። ደንቡ ቋሚው ሬዚስተር ይበልጥ በምንፈልገው ሙቀት ላይ ቴርሚስተሯ ካላት ሬዚስታንስ ጋር እንዲቀራረብ ማድረግ ነው። አንዳንድ የጄኔራል ሞተርስና የክራይስለር መኪኖች ሁለት ሬዚስተር ይዘው፣ ሞተሩ ሲሞቅ ከትልቁ ወደ ትንሹ ይቀይራሉ። በቴስተር የሚከታተል መካኒክ ቮልቴጁ ወርዶ ወርዶ ድንገት ሽቅብ ሲዘል ያያል፤ ይህን የማያውቅ ደህናውን ሴንሰር ፈትቶ ይጥላል።

ሽቦ ሲበጠስ ማወቅ ቀላል ነው። ሶኬቱ ከተነቀለ ኮምፒውተሩ ሙሉ 5 ቮልት ስለሚያይ፣ የመመርመሪያው ስክሪን ብዙውን ጊዜ −40 ዲግሪ ያሳያል፤ P0118 የሚባለውም ኮድ ይመዘገባል። ሁለቱ ሽቦዎች ከተነካኩ ቮልቴጁ ወደ ዜሮ ይወርድና P0117 ይመጣል።

አስቸጋሪው ሶኬት ውስጥ የሚፈጠር ዝገት ነው። ዝገቱ 200 ኦም ጨመረ እንበል። ጠዋት ሞተሩ በ20 ዲግሪ ሳለ 2,500 የነበረው 2,700 ይሆናል፤ ስህተቱ ሁለት ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። ውሃው 100 ዲግሪ ሲደርስ ግን 186ቱ 386 ይሆናል፤ ኮምፒውተሩ ይህን የሚያነበው 74 ዲግሪ ያህል ብሎ ነው። ፋኑ አይነሳም፣ ነዳጁ ከሚገባው በላይ ይረጫል፣ ሞተሩም ይግላል። ቮልቴጁ 1.39 ስለሆነ፣ ማለትም ደህና ሴንሰር ሊሰጠው የሚችል ቁጥር ስለሆነ፣ ኮድ ላይመዘገብ ይችላል። ጠዋት በብርዱ ብቻ የሚለካ መካኒክ ይህን ጥፋት አያገኘውም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ስክሪኑ የሚያሳየውን ዲግሪ ሴንሰሯ ከተተከለችበት ብረት ሙቀት ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ፣ የሴንሰሯን ኦም ከራሷ እግሮች ላይና ከኮምፒውተሩ በኩል ካለው የሽቦው ጫፍ ላይ መለካት ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ጥፋቱ ከመሐል፣ ከሶኬቱ ወይም ከሽቦው ነው።

ሌላው ችግር ከሰርኪዩቱ ውጭ ነው። ቴርሚስተሯ የምትናገረው የራሷን ሙቀት ብቻ ነው። ውሃው ጎድሎ ጫፏ አየር ላይ ከቀረ፣ ብረቱ እየጋለ እሷ ዝቅ ያለ ሙቀት ልታሳይ ትችላለች። ሞተሩ ሞቆ ሳለ የዳሽቦርዱ መርፌ ድንገት ወደ ታች ከወረደና የመኪናው ማሞቂያም ቀዝቃዛ አየር መንፋት ከጀመረ፣ ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት ነው፤ የራዲያተሩ ክዳን የሚነካው ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ነው።