ያልተለወጠ ቀን፦ የአመልካቾች መከታተያ ሥርዓት ከቦንጋ የተላከን ሲቪ እንዴት ያነባል?

በካፋ ዞን በአንድ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ያገለገለ ባለሙያ የሚሰጠው የሥራ ልምድ ማስረጃ ቀኖችን በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ይጠቅሳል። ብዙ ዓለም አቀፍ ቀጣሪዎች የሚጠቀሙባቸው የአመልካቾች መከታተያ ሥርዓቶች ግን በቀን መስክ ውስጥ የሚያገኙትን ቁጥር ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊ ይቆጥሩታል። ሶፍትዌሩ ከሲቪው ጽሑፉን ያወጣል፤ የሥራ መደብን፣ ቀጣሪንና የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀኖችን ለይቶ በየመስካቸው ያስገባል፤ ከዚያም የልምድ ዘመንን ያሰላል። ከዓመቱ አጠገብ «ዓ.ም.» ወይም `E.C.` ቢጻፍም ምልክቱ ወደ ቀን መስኩ ላይገባ ይችላል።

ለማሳያ ያህል በጊምቦ ወረዳ ከጥቅምት 15 ቀን 2008 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2012 ዓ.ም. በልማት ጣቢያ ሠራተኛነት የሠራ፣ ከነሐሴ 1 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮም በቦንጋ በዞኑ መሥሪያ ቤት በቡና ባለሙያነት የሚያገለግል አመልካች ይታሰብ። ወሮቹን በተራ ቁጥራቸው ካሰፈረ የመጀመሪያው ሥራ `02/2008 – 10/2012`፣ ሁለተኛው `12/2012 – Present` ይሆናል። ሥርዓቱ ጥቅምትን ፌብሩዋሪ፣ ሰኔን ኦክቶበር፣ ነሐሴን ዲሴምበር አድርጎ ያነባል።

ስሕተቱን ለማስተዋል የሚያስቸግረው የመጀመሪያው ሥራ ርዝመት አለመዛባቱ ነው፤ ሁለቱም ጫፎች በአንድ አቆጣጠር ስለ ተጻፉ ውጤቱ አራት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ሆኖ ይቀራል። ገና ያላለቀው ሥራ ግን አንዱ ጫፉ የኢትዮጵያ ቀን፣ ሌላው ጫፉ የኮምፒውተሩ የዛሬ ቀን ስለሆነ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር የማይገባ ልምድ ይጨመርበታል። አመልካቹ ሳያስበው ልምዱን ያጋነነ ይመስላል። ሁለተኛውን ሥራ ብቻ ቢለውጥ ደግሞ በኦክቶበር 2012 እና በኦገስት 2020 መካከል ወደ ስምንት ዓመት የሚጠጋ ሥራ አጥነት ይታያል። ዲግሪው በጎርጎርዮሳዊ ቀን በጁላይ 2015 የተሰጠ ከሆነ፣ ከመመረቁ ሰባት ዓመት አስቀድሞ የተቀጠረ ሆኖ ይነበባል።

የዓመቱ ልዩነት ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ጃንዋሪ 1 ዋዜማ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ነው። ጃንዋሪ 1 ዘወትር ታኅሣሥ 23፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ታኅሣሥ 22 ይውላል። ስለዚህ ዓመቱን ብቻ መለወጥ አይበቃም። ጥቅምት 15 ቀን 2008 ኦክቶበር 26 ቀን 2015 ሲሆን፣ ሰኔ 30 ቀን 2012 ደግሞ ጁን ሳይሆን ጁላይ 7 ቀን 2020 ነው። ነሐሴ 1 ቀን 2012 ኦገስት 7 ቀን 2020 ይሆናል።

ከቀኑ ቀጥሎ የመደብ ስያሜው ይታያል። በዞኑ የተለመደው `DA` የሚለው አሕጽሮት ከኢትዮጵያ ውጭ ላለ መልማይ የመረጃ ተንታኝ ማለት ሊመስል ይችላል። ስያሜውን በሙሉ ጽፎ፣ ሙያው በሰፊው የሚታወቅበትን ቃል ማስከተል ፍለጋውን ያቃናል፦

```
Development Agent – Agricultural Extension
Gimbo Woreda Agriculture Office, Kaffa Zone
10/2015 – 07/2020
```

እዚህ ላይ ወሰን አለ። ስያሜውን ማብራራት ይቻላል፤ በማስረጃው ላይ የሌለ የኃላፊነት ደረጃ መጨመር ግን አይቻልም። አሳታፊ የደን አስተዳደርን የመሰለ ሙያዊ ቃልም አንድ ጊዜ በሙሉ፣ አንድ ጊዜ በአሕጽሮት ቢጻፍ በሁለቱም ፍለጋ ይገኛል።

ካፋ እስከ 2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ሥር ነበር፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ። የዞኑን መሥሪያ ቤት በሁለት ክልሎች ስም ለያይቶ የሚጽፍ አመልካች አንዱን ቀጣሪ ሁለት ያስመስለዋል። `Kaffa`፣ `Kafa` እና `Keffa` የሚሉት አጻጻፎች ሲቀላቀሉም ተመሳሳይ መከፋፈል ሊደርስ ይችላል። ሥራው ሳይቋረጥ ከቀጠለ አንድ አጻጻፍ መርጦ በአንድ መዝገብ ማስፈር፣ የክልሉን ለውጥም በማብራሪያው መጥቀስ ይገባል።

ውጤቱ የሚታወቀው ሲቪው ከተጫነ በኋላ ሥርዓቱ በራሱ የሞላውን ቅጽ ከማስረጃው ጋር መስክ በመስክ በማስተያየት ነው። ይህን ቅጽ ለአመልካቹ የማያሳዩ ሥርዓቶችም አሉ፤ በዚህ ጊዜ የሚቀረው ሲቪውን አስቀድሞ ማስተካከል ብቻ ነው። ዋናው ማስረጃ በኢትዮጵያ ቀን እንዳለ ስለሚቀር፣ ቀኖቹ ከኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የተለወጡ መሆናቸውን በማብራሪያው መስክ በአንድ ዓረፍተ ነገር መግለጽ ያስፈልጋል። አለዚያ ሥርዓቱ በትክክል ያነበበው ቀን ማስረጃውን በሚያመሳክረው ሰው ዘንድ የተጭበረበረ ሊመስል ይችላል።