ስም ሳይጠሩ እውነቱን መናገር፦ ከአደጋ በኋላ ለሠራተኞች የሚጻፍ ማስታወሻ

በአንድ የብስኩት ፋብሪካ ውስጥ ሌሊት አደጋ ደረሰ እንበል። የሊጥ ማቡኪያ ማሽን እየተጸዳ ሳለ በድንገት ተነሣና የአንዲት ሠራተኛ እጅ ተጎዳ። ጠዋት የገባው ፈረቃ «ማን ናት? ምን ነክቷት ነው?» እያለ ይጠያየቃል። አስተዳደሩም ተቻኩሎ ይህን ይለጥፋል፦

«በሌሊት ፈረቃ በማሽን ቁጥር 2 ላይ የምትሠራ አዲስ ተቀጣሪ ባልደረባችን በጥንቃቄ ጉድለት ቀኝ እጇ ላይ ጉዳት ስለደረሰባት፣ ሁሉም ሠራተኛ ተጠንቅቆ እንዲሠራ እናሳስባለን።»

ስም አልተጠራም። ሆኖም የሌሊት ፈረቃ፣ ማሽን ቁጥር 2፣ አዲስ ተቀጣሪ፣ ሴት የሚሉት አራት ነገሮች ሲደመሩ የሚቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ማስታወሻው ማንነቷን ከማጋለጡ ሌላ ምርመራ ሳይደረግ ጥፋተኛ አድርጓታል። ማሽኑ ለምን እንደተነሣና ነገ እንዳይነሣ ምን እንደተደረገ ግን አንድም ቃል የለበትም።

ምን ይጻፍ፣ ምን ይቅር ለሚለው ጥሩ መለኪያ አለ። እያንዳንዱን ዝርዝር «ይህን ማወቅ ሌላውን ሠራተኛ ከተመሳሳይ አደጋ ያድነዋል?» ብሎ መጠየቅ ነው። የሕክምናው ዓይነት፣ የቅጥር ዘመን፣ ዕድሜና ጾታ ማንንም ስለማያድኑ ይወጣሉ። ማሽኑ በአዝራር ብቻ ቆሞ ኤሌክትሪኩ ከዋናው ማብሪያ አለመቋረጡ ግን ሕይወት ያድናልና የግድ ይጻፋል።

በአማርኛ ደግሞ ግሡ ራሱ ጾታን ይናገራል። ሦስት ሴቶች ብቻ ባሉበት ክፍል «ተጎዳች» ማለት ግማሹን ምስጢር ማውጣት ነው። «ጉዳት ደርሶባቸዋል» የሚለው የአክብሮት አነጋገር ጾታን ይሸፍናል፤ ለተጎዳ ባልደረባም ተገቢ ነው።

የማሽኑን ቁጥር መጥቀስም አያስፈልግም። ችግሩ በሁሉም ማቡኪያዎች ላይ ካለ «ማቡኪያ ማሽኖቻችን» ማለት ይበቃል። እንዲያውም ቁጥር 2 ብቻ ከተጠቀሰ የሌላው ማሽን ሠራተኛ ነገሩ እኔን አይመለከተኝም ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ማሽኑን ባለማወቅ ያስነሣው ሰውም የተጎዳችውን ያህል ከጣት መቀሰር ሊጠበቅ ይገባል።

ሰው ሲሸፈን ግን የድርጅቱ ጉድለት አብሮ መሸፈን የለበትም። ምርመራው ካለቀ በኋላ የሚወጣው ማስታወሻ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«አንድ የሥራ ባልደረባችን ማቡኪያ ማሽን ሲያጸዱ ማሽኑ ተነሥቶ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ማሽኖቻችን በሁለት በኩል ማስነሻ አላቸው፤ በአንዱ በኩል ያለ ሰው በሌላው በኩል የሚያጸዳውን አያይም። ክዳኑ ሲከፈት ማሽኑን የሚያቆመው መቆጣጠሪያ ተበላሽቶ ነበር፤ ብልሽቱ ሪፖርት ቢደረግም ድርጅቱ በወቅቱ አላስጠገነም። ከዛሬ ጀምሮ መቆጣጠሪያው ያልተጠገነ ማሽን አይሠራም። ከማጽዳት በፊት ዋናው ማብሪያ ይጠፋል፣ በቁልፍ ይቆለፋል፤ ቁልፉም የሚያጸዳው ሰው ኪስ ውስጥ ይሆናል። ለጽዳት የተለየ ሰዓት ስለተመደበ በምርት መጠን ላይ አይቆጠርም። ለአፈጻጸሙ የጥገና ኃላፊው ተጠያቂ ናቸው። የባልደረባችንን ማንነትና ፎቶ ባለማሰራጨት እንድትተባበሩን እንጠይቃለን።»

እዚህ ላይ የጽዳቱ ሰዓት ቀላል ነገር አይደለም። ጽዳት ከምርት ሰዓት ላይ የሚቀነስ ከሆነ ሠራተኛው ቁልፉን መዝለሉ አይቀርም፤ የሚያስቸኩለው ነገር ሳይነሣ «ተጠንቀቁ» ማለት ደግሞ ለውጥ አያመጣም።

ምርመራው እስኪያልቅ ዝም ማለትም አያዋጣም። በመጀመሪያው ቀን የሚታወቀውን ያህልና የቆመውን ሥራ የሚገልጹ ሁለት ሦስት መስመሮች ይውጡ። ከዚያ በፊት ግን ቤተሰብ መስማት አለበት። ዋናው ማስታወሻ ሲዘጋጅም፣ ጤናቸው ከፈቀደ፣ ለተጎዱት ሰው አስቀድሞ ማስነበብ ተገቢ ነው። ማንነታቸውን የሚጠቁመውን ቃል ከሁሉ ቀድመው የሚያዩት እርሳቸው ናቸው። «ስለ ጤንነቴ ይነገርልኝ» ካሉም በፈቀዱት ልክ ይጻፋል።

ስም የሚጻፍበት ሰነድ ሌላ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በሥራ ላይ የሚደርስ አደጋን እንዲመዘግብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያዛል። ያ ሰነድ በፋይል ይቀመጣል እንጂ በግድግዳ አይለጠፍም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች ይመድበዋል።

በትንሽ መሥሪያ ቤት ሰዎች የተጎዳው ማን እንደሆነ ማወቃቸው ላይቀር ይችላል። ቢሆንም ሠራተኞች በወሬ የሰሙትን አሠሪው በፊርማና በማኅተም ማረጋገጥ የለበትም። በፊርማው ማረጋገጥ ያለበት ቁልፎቹ መገዛታቸውንና ማሽኖቹ መጠገናቸውን ነው።