ማዳመጫዎ በአንድ ጆሮ ብቻ ሲሰማ፦ አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ጥፋቱ የት እንዳለ ይለዩ

የጆሮ ማዳመጫ (ኦዝኒዮት) በአንድ በኩል ድምፁ ሲጠፋ ብዙዎቻችን ወዲያው «ተበላሸ» ብለን መሳቢያ ውስጥ እንጥለውና ሌላ እንገዛለን። አዲሱም ከጥቂት ቀን በኋላ በዚያው ጎን ዝም ሲል ይታያል። እንዲህ የሚሆነው ጥፋቱ ማዳመጫው ላይ ስላልነበረ ነው። ድምፅ በአንድ በኩል ሲጠፋ ተጠርጣሪዎቹ አራት ናቸው፦ የራሳችን ጆሮ፣ ስልኩ፣ ቆሻሻ፣ በመጨረሻም ማዳመጫው ራሱ። ከአራቱ የትኛው እንደሆነ ቤትዎ ተቀምጠው፣ ያለ ምንም መሣሪያ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ መለየት ይችላሉ። ዘዴው አንድ ነገር በሌላ ቀይሮ ማየት ብቻ ነው።

መጀመሪያ፦ ግራና ቀኙን ያለዋውጡ

የቀኙ ጎን ዝም አለ እንበል። የቀኙን ማዳመጫ አውጥተው በግራ ጆሮዎ፣ የግራውን በቀኝ ጆሮዎ ያድርጉ። ቅርጹ በደንብ ባይገጥምም ለሙከራ በእጅዎ ይያዙት። ከዚያ የሚያውቁትን ዘፈን ወይም የሬዲዮ ዝግጅት ይክፈቱ።

ዝምታው ከማዳመጫው ጋር ወደ ግራ ጆሮዎ ከሄደ፣ ጆሮዎ ደህና ነው፤ ጥፋቱ ከማዳመጫው ወይም ከስልኩ ነው። ነገር ግን ደህና የነበረው የግራ ማዳመጫ ቀኝ ጆሮዎ ላይ ሲሆን ድምፁ ከጠፋ፣ ወይም እንደ ታፈነ ከተሰማዎ፣ የሚያስፈልገው የጆሮ ምርመራ ነው። አዲስ ማዳመጫ መግዛት አይጠቅምዎትም።

ይህን ሙከራ ያስቀደምነው በምክንያት ነው። አንዳንድ ጊዜ ጆሮውን የዘጋው የጆሮ ኩክ ብቻ ነው፤ ሐኪም ወይም ነርስ በቀላሉ ያወጡታል። በጥጥ እንጨት ግን አይጎርጉሩት፤ ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። የአንድ ጆሮ መስማት በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ ከቀነሰ ግን ጉዳዩ አስቸኳይ ነው። ሕክምናው የሚረዳው ቶሎ ሲጀመር ነውና «ያልፋል» ብለው ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ኩፓት ሆሊም ይደውሉ። ሲደውሉም «አንድ ጆሮዬ በድንገት መስማት አቆመ» ብለው በግልጽ ይናገሩ።

ሁለተኛ፦ ስልኩን ይፈትሹ

ጆሮዎ ደህና ከሆነ፣ ያንኑ ማዳመጫ የልጅዎ ወይም የጎረቤትዎ ስልክ ላይ ይሞክሩ። እዚያ በሁለቱም ጎን ከሰማ፣ ችግሩ ያለው የእርስዎ ስልክ ውስጥ ነው።

በስልኮች ውስጥ ድምፅን በግራና በቀኝ መካከል የሚያካፍል ማስተካከያ አለ። አንዲት ነጥብ በመስመር ላይ ወዲያና ወዲህ ትንሸራተታለች። መሐል ላይ ስትሆን ሁለቱም ጆሮ እኩል ይሰማል፤ ወደ አንዱ ጫፍ ከሄደች ሌላው ጎን ፈጽሞ ዝም ይላል። ሕፃን ስልኩን ሲነካካ ወይም እኛው ሌላ ነገር ስንፈልግ ነጥቧ ልትገፋ ትችላለች።

በአይፎን Settings ከዚያ Accessibility ከዚያ Audio & Visual ውስጥ ገብተው Balance የሚለውን ይፈልጉ። በሳምሰንግና በሌሎች የአንድሮይድ ስልኮችም Settings ውስጥ Accessibility በሚለው ሥር፣ ስለ መስማት በሚናገረው ክፍል ይገኛል። ስልክዎ በዕብራይስጥ ከሆነ መጀመሪያ הגדרות ከዚያም נגישות የሚለውን ይክፈቱ። መስመሩ በሁለቱ ጫፎች L እና R ተብሎ ተጽፎበት ካዩ፣ L ግራ፣ R ቀኝ ማለት ነው፤ ነጥቧን መሐል ላይ ይመልሷት።

እዚያው አጠገብ Mono audio የሚባል ሌላ ማብሪያ አለ። ይህ የግራውንና የቀኙን ድምፅ አንድ ላይ ቀላቅሎ ለሁለቱም ጆሮ ይልካል። በአንድ ጆሮ ብቻ ለሚሰማ ሰው ትልቅ ጥቅም አለው፤ በርቀት የሥልጠና ትምህርት የሚከታተል ወይም የሥራ ቃለ መጠይቅ በስልክ የሚያደርግ ሰው በማይሰማው ጎን የሚመጣው ንግግር አያመልጠውም። የተበላሸ ማዳመጫን ግን አይጠግንም።

ሦስተኛ፦ ባለ ሽቦ ከሆነ

ባለ ሽቦ ማዳመጫ ላይ በመጀመሪያ መሰኪያውን ይመልከቱ። ክቡ መሰኪያ ላይ ቀጫጭን ጥቁር ቀለበቶች አሉ። ቀለበቶቹ ብረቱን በክፍል በክፍል ይለዩታል፤ ጫፉ የግራውን ድምፅ፣ ቀጥሎ ያለው ክፍል የቀኙን ድምፅ ያስተላልፋል። መሰኪያው ትንሽ እንኳ ወደ ውጭ ከቀረ ክፍሎቹ ከቦታቸው ይዛነፉና አንዱ ጎን ዝም ይላል። ቀጭ እስኪል ይግፉት። ካልገባልዎ የኪስ ብናኝ ቀዳዳው ውስጥ ተጠቅጥቆ ይሆናል። ስልኩን ያጥፉና በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ ብለው ብናኙን ወደ ውጭ ይጥረጉ። መርፌና የብረት ነገር አይጠቀሙ፤ ውስጥ ያሉትን መገናኛዎች ያጣምማል።

መሰኪያው በደንብ ገብቶም ድምፁ ካልመጣ፣ ዘፈኑ እየተጫወተ ሽቦውን ከመሰኪያው አጠገብ ቀስ ብለው ያጣጥፉት፤ ከዚያም ሽቦው ለሁለት በሚከፈልበት ቦታና ከጆሮው አጠገብ እንዲሁ ያድርጉ። ድምፁ መጣ ሄደ ካለ፣ ሽቦው በላስቲኩ ውስጥ ተቆርጧል ማለት ነው። ርካሽ ማዳመጫ ከሆነ ማስጠገኑ አያዋጣም፤ አዲስ መግዛት ይሻላል። ወደፊት ግን ሲነቅሉ ሽቦውን ስበው ሳይሆን መሰኪያውን ይዘው ይንቀሉ።

አራተኛ፦ ሽቦ አልባ ከሆነ

ዛሬ ብዙ ጥያቄ የሚነሣው ከሣጥን በሚወጡት ትናንሽ ማዳመጫዎች ላይ ነው። እነዚህ እንደ ሽቦው አንድ ዕቃ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ባትሪና የራሳቸው መገናኛ ያላቸው ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ስለዚህ አንዱ ደህና ሆኖ ሌላው ብቻውን ቻርጅ ሊያልቅበት ወይም ሊጠፋ ይችላል።

አንዲት እናት ማታ ማታ ከዘመዶቿ ጋር ስታወራ የቀኙ ማዳመጫ ዝም አለባት እንበል። ግራና ቀኙን ስታለዋውጥ ዝምታው ከማዳመጫው ጋር ሄደ። በልጇ ስልክ ላይም ያው ሆነ። እንግዲህ ጆሮዋም ስልኳም ደህና ናቸው፤ የቀረው ማዳመጫው ነው።

አሁን ጥያቄው «ፈጽሞ ዝም ብሏል ወይስ እየሰማ ነገር ግን ደክሟል?» የሚል ነው። ልዩነቱ መንገዱን ያሳያል። ድምፁ ካለ ግን ከሩቅ እንደሚመጣ ከሆነ፣ ድምፅ የሚወጣበትን ትንሽ ወንፊት ኩክ ደፍኖታል። የላስቲኩን ቆብ ያውልቁ፤ ላስቲኩን ብቻውን በውሃ አጥበው በደንብ ያድርቁት። ማዳመጫውን ግን ወንፊቱ ወደ ታች እንዲያይ ይዘው በደረቅና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይጥረጉት። ወደ ታች የሚደረገው የተፈታው ኩክ ወደ ውጭ እንዲወድቅ ነው። ማዳመጫውን ውሃ ውስጥ አይንከሩት፤ ወንፊቱንም በመርፌ አይውጉት።

የእኛ እናት ማዳመጫ ግን ፈጽሞ ዝም ብሏል። ስለዚህ ሣጥኑ ውስጥ መልሳ አስገባችውና መብራቱን ተመለከተች። የግራው ሲገባ መብራት በራ፤ የቀኙ ሲገባ አልበራም። ይህ ማለት የቀኙ ቻርጅ እያገኘ አይደለም። ሣጥኑ ውስጥ ወደ ታች ስታይ ማዳመጫው የሚነካቸው ትናንሽ የወርቅ ቀለም ያላቸው ነጥቦች በቀኙ በኩል ጠቁረዋል፤ ማዳመጫው ላይ ያሉትም እንዲሁ። ላብና ኩክ ተጋግሮባቸዋል። በደረቅ የጥጥ እንጨት የሁለቱንም ነጥቦች አሸች፣ መልሳ አስገባች፣ መብራቱ በራ። ለአንድ ሰዓት ያህል ሣጥኑ ውስጥ አቆየችው፤ ሲወጣም ሁለቱም ሰሙ። አንድም ሰቅል አላወጣችም።

መብራቱ በርቶም፣ ቻርጁ ሞልቶም ዝምታው ከቀጠለ፣ የጠፋው የሁለቱ ማዳመጫዎች መገናኛ ነው። በስልክዎ የብሉቱዝ ዝርዝር ውስጥ የማዳመጫውን ስም ፈልገው Forget የሚለውን በመጫን ይሰርዙት። ስሙ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ካገኙት ሁለቱንም ይሰርዙ። ሁለቱን ማዳመጫዎች ሣጥኑ ውስጥ ከተው ክዳኑን ይዝጉ፤ ጥቂት ቆይተው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያውጡና እንደ አዲስ ከስልኩ ጋር ያገናኙ። አንዳንዶቹ ሣጥኖች ደግሞ ተጭነው የሚያዙበት ቁልፍ አላቸው፤ እንዴት እንደሚያዝ ከዕቃው ጋር የመጣው ወረቀት ላይ ተጽፏል።

ይህ ሁሉ ካልሠራ

እዚህ ከደረሱ ማዳመጫው በእርግጥ ተበላሽቷል። ከፍተው አይጠግኑት፤ ውስጡ ባትሪ አለ። ደረሰኙንና የዋስትናውን (የአሕራዩት) ወረቀት ይፈልጉ። ዋስትናው ካላለፈ ለሻጩ የሚነግሩት አጭር ይሁን፦ «የቀኙ ጎን አይሰማም፤ በሁለት ስልክ ሞክሬዋለሁ፤ ጽድቼዋለሁ፤ ቻርጅ ይቀበላል።» እንዲህ ሲሉ «ስልክዎን ያስተካክሉ» ብሎ የሚመልስዎ ሰው አይኖርም። አንዱን ጎን ብቻ ለብቻው የሚሸጡ አምራቾችም አሉና ዋስትናው ካለፈ ሙሉውን ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ።

በስልክ ወይም በኢንተርኔት የገዙት ከሆነ፣ በእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ መሠረት ዕቃው እጅዎ ከገባ በ14 ቀን ውስጥ ግዢውን መሰረዝ ይችላሉ። ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ ለአካል ጉዳተኞችና የአዲስ ገቢ ምስክር ወረቀት ከተሰጣቸው አምስት ዓመት ላልሞላቸው አዲስ ገቢዎች ጊዜው አራት ወር ነው፤ ይህ የሚሆነው ግዢው ከሻጩ ጋር በተደረገ ንግግር ከሆነ ነው፤ በጽሑፍ መልእክት የተደረገ ንግግርም ይቆጠራል። ስረዛው ዕቃው ጉድለት ስላለበት ከሆነ የስረዛ ክፍያ ሊወስዱብዎ አይችሉም። ስለዚህ የስረዛ ጥያቄዎን በጽሑፍ ይላኩ፤ ምክንያቱንም «አንዱ ጎን አይሰማም» ብለው ይጻፉ፤ የላኩትንም ቅጂ ይያዙ።