“ጉድለቱን ከነገርከው ማን ይገዛዋል?”
ስለ ሐቀኛ የዕቃ ግምገማ ተረቱና እውነታው

የኬንያዋ ሞያሌ መብራት ለዓመታት ስታገኝ የኖረችው ድንበሩን ተሻግሮ ከኢትዮጵያ በሚመጣ መስመር ነው። መስመሩ ማዶ ሲቋረጥ ወዲህም ይጨልማል። ስለዚህ እዚህ ከተማ ፓወር ባንክ ጌጥ አይደለም። የኤምፔሳ ወኪል ስልኩ ከተዘጋ ሥራው ይቆማል፤ ነጋዴውም ወደ ናይሮቢ በሚወስደው ረጅም መንገድ ላይ የስልኩ ባትሪ ካለቀ ዕቃው የት እንደደረሰ የሚጠይቅበት የለውም። በስልኩ ቪዲዮ እየቀረጸ ዕቃ የሚገመግም ወጣት ደግሞ ውሎ አድሮ ፓወር ባንክ እጁ ላይ መግባቱ አይቀርም። ያኔ ባለ ሱቁ የሚጠይቀው ጥያቄ ያው ነው፦ ጉድለቱን ከነገርከው ማን ይገዛዋል?

ይህ ጥያቄ መልስ አለው። መልሱን ግን በዙሪያው የተሰባሰቡ ተረቶች ሸፍነውታል።

ተረት፦ ጉድለት የሰማ ተመልካች ይሸሻል።

እውነታ፦ የሚወሰነው ተመልካቹ ከመስማቱ በፊት ምን ያምን እንደነበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 መጀመሪያ ላይ ካርል ሆቭላንድና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ወታደሮች ላይ አንድ ሙከራ አድርገው ነበር። ጀርመን ከተሸነፈች በኋላም ከጃፓን ጋር የሚደረገው ጦርነት ገና ሁለት ዓመት ያህል ይቀጥላል የሚል የሬዲዮ ንግግር በሁለት መልክ አዘጋጁ። አንዱ ይህን ሐሳብ የሚደግፈውን ብቻ ያቀርባል። ሌላው ግን “ጦርነቱ ቶሎ ያልቃል” የሚሉትን ሰዎች ምክንያትም ጨምሮ ያነሳል። ከመጀመሪያውም በሐሳቡ ይስማሙ የነበሩትን ይበልጥ ያጠናከረው ባለ አንድ ወገኑ ንግግር ሆነ። ይቃወሙ የነበሩትን ይበልጥ ያሳመናቸው ደግሞ ሁለቱንም ወገን የተናገረው ነው።

ወደ ሞያሌ እንመለስ። ፓወር ባንክ ሊገዛ ቪዲዮ የሚያይ ሰው ብዙ ጊዜ ከዚህ በፊት አንድ ገዝቶ የተታለለ ነው። ላዩ ላይ ትልቅ ቁጥር ተጽፎበት አንድ ስልክ እንኳ አልሞላለትም። ይህ ሰው ተቃዋሚ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ዕቃውን እያሞገሱ ሲነግሩት ባለፈው የሸጠለትን ሰው ድምፅ ይሰማል። ዕቃውን አስቀድሞ የወደደውን ለማሳመን ምስጋና ብቻ ሊበቃ ይችላል፤ እሱ ግን ያለ ቪዲዮውም ይገዛል። ሥራው ያለው ከተጠራጣሪው ጋር ነው።

ተረት፦ አንድ ጉድለት ጣል ካደረግህ ሐቀኛ ትመስላለህ።

እውነታ፦ “ጉድለቱ ቀለሙ ጥቁር ብቻ መሆኑ ነው” የሚል ግምገማ ተመልካቹን ይንቃል። ተመልካቹም ያውቀዋል። መነገር ያለበት ጉድለት ገዢው ቤቱ ሲገባ በራሱ የሚያገኘው ነው። በፓወር ባንክ ላይ ይህ ጉድለት አንድ ስም አለው፤ ቁጥሩ ነው።

ካርቶኑ ላይ 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚል ከሆነ፣ ገዢው 5,000 የሚይዘውን ስልኩን አራት ጊዜ ይሞላልኛል ብሎ ያካፍላል። ስሌቱ ትክክል ይመስላል፤ ግን አይደለም። ያ ቁጥር የሚቆጠረው በውስጡ ባሉት ባትሪዎች ቮልቴጅ ማለትም በ3.7 ነው። 20,000ን በ3.7 ስናባዛ 74 ዋት ሰዓት እናገኛለን። ይህ ኃይል ወደ ስልኩ የሚወጣው ግን ወደ 5 ቮልት ከፍ ተደርጎ ነው፤ በዚህ ለውጥ ውስጥ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ጥሩ ፓወር ባንክ 60 ዋት ሰዓት ያህል ያወጣል። ስልኩም ሲቀበል ከአሥራ ሁለት በመቶ በላይ ያባክናል፤ ወደ 52 ይወርዳል እንበል። የስልኩ ባትሪ 5,000 በ3.85 ቮልት ሲሆን 19 ዋት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ሙሉ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ሰባ በመቶ ያህል ይሞላል። አራት አይሆንም።

ሐቀኛ አምራቾች ይህን ራሳቸው ከኋላ በትንንሽ ፊደል ይጽፉታል፤ ከትልቁ 20,000 በታች፣ በ5 ቮልት የሚያወጣው ወደ 12,000 የሚጠጋ መሆኑን የሚገልጽ መስመር ይኖራል። ካሜራውን እዚያች መስመር ላይ ማቅረብ ከየትኛውም ንግግር ይበልጣል።

እዚህ ላይ ኮርኔሊያ ፔችማን የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተመችው ጥናት ይጠቅመናል። ጉድለት መናገር በተለይ የሚሠራው ጉድለቱ ከዕቃው ጥቅም ጋር ሲያያዝ ነው። የእሷ ምሳሌ አይስክሬም ነበር፤ ካሎሪው ብዙ ነው ሲባል ሰው ስብና ጣዕሙም ብዙ ነው ብሎ ያስባል። የፓወር ባንክ ካሎሪ ክብደቱ ነው። 74 ዋት ሰዓት የሚይዙ ባትሪዎች ያለ ሽፋናቸው እንኳ 300 ግራም ገደማ ይመዝናሉ። ስለዚህ “ይከብዳል” ማለት ጉድለትም ማስረጃም ነው። ከ250 ግራም በታች ሆኖ 20,000 የሚል ዕቃ ከተገኘ ደግሞ ቁጥሩን በጥብቅ መጠራጠር ይገባል።

እንግዲህ ስክሪፕቱ ምን ይመስላል? ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው። የሚናገረው ሰው የራሱን ልኬት ማስገባት አለበት፦ ስልኩን አጥፍቶ ከባዶ ስንት ጊዜ እንደሚሞላ ይቆጥራል፣ ዩኤስቢ መለኪያ ካገኘም የወጣውን ዋት ሰዓት ያነባል።

“ይህን ፓወር ባንክ የተዋስኩት ከሱቅ ነው፤ ሥራዬን ስጨርስ እመልሰዋለሁ። ገንዘብ አልተከፈለኝም። መብራት በጠፋበት ሌሊት ሁለት ስልክ ይዞ ያደረ ሰው ምን እንደሚያገኝበት ላሳያችሁ።

“ላዩ ላይ ሃያ ሺህ ይላል። ስልካችሁ አምስት ሺህ ከሆነ አራት ጊዜ ይሞላል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። አይሞላም። ሁለት ጊዜ ሙሉ ሞላልኝ፤ ሦስተኛው ሰባ በመቶ ላይ አለቀ። ከኋላው በትንሹ የተጻፈውን እዩ፤ እሱ ነው እውነተኛው ቁጥር። ይህን የሚጽፍ አምራች ቢያንስ አልደበቀባችሁም።

“ክብደቱን ሚዛን ላይ እዩ፦ ወደ አራት መቶ ግራም። ኪስ ይጎትታል። ግን ቀላል ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ቪዲዮ የምሠራው እንዳትገዙት ለመንገር ነበር።

“አሁን የሚያስከፋውን ስሙኝ። ራሱን ለመሙላት በተራ 10 ዋት ቻርጀር ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይፈጃል። መብራት ሁለት ሦስት ሰዓት ብቻ በሚመጣበት ቀን አይሞላላችሁም። 18 ዋት የሚቀበል ስለሆነ በፈጣን ቻርጀር ወደ አምስት ሰዓት ይወርዳል። ቻርጀሩ ግን ካርቶኑ ውስጥ የለም፤ ያለው ገመድ ብቻ ነው። ኬንያ በኩል የምትገዙት ቻርጀር ሦስት ጠፍጣፋ እግር አለው፤ ኢትዮጵያ በኩል ያለው ሶኬት ግን ሁለት ክብ ቀዳዳ ነው። ድንበሩን የምትሻገሩ አዳፕተር አብራችሁ ግዙ።

“ማታ አንድ ስልክ ብቻ የምትሞሉ ከሆነ ይህን አትግዙት፤ ባለ አሥር ሺሁ ይበቃችኋል፣ ቀላልም ነው። ሁለት ስልክ ይዛችሁ የምትነግዱ፣ የኤምፔሳ ሥራ ያላችሁ፣ መንገድ ላይ የምታድሩ ግን ይህ ለእናንተ ነው። ዋጋው ዛሬ በሱቁ ይህን ያህል ሽልንግ ነው፤ በብር ስታሰሉት የዕለቱን ምንዛሪ ጠይቁ።”

ንግግሩ የሚያሳምንበት ቦታ “አትግዙት” የሚለው ነው። ለአንዱ የተከለከለ ነገር ለሌላው የተመረጠ ይሆናል። ሁሉም ሰው ይግዛው የሚል ግምገማ ማንንም ለይቶ አላነጋገረም፤ አንዲት ባለ ሱቅ ወይም አንድ ሾፌር ግን “ይህ ስለ እኔ ነው” ሊሉ የሚችሉት ስማቸው ሳይጠራ ሥራቸው ሲጠራ ነው።

ተረት፦ ጉድለት መጨረሻ ላይ ይነገራል።

እውነታ፦ መጨረሻ ላይ የቀረ ተመልካች ጥቂት ነው፤ በጉድለት ከተዘጋ ቪዲዮም የሚታወሰው ጉድለቱ ነው። መጀመሪያ ላይ ማድረግም አይመችም፣ ምክንያቱም ሰውየው ዕቃው ምን እንደሚጠቅመው ገና አላወቀም። ከመጀመሪያው ጥቅም በኋላ፣ ከዋጋው በፊት ነው ቦታው። ከላይ ባለው ስክሪፕት የሌሊቱ ችግር ይቀድማል፣ ቁጥሩ ይከተላል፣ ዋጋው ይዘጋል።

ተረት፦ ዕቃውን ከሱቅ መዋሴን ከተናገርኩ አያምኑኝም።

እውነታ፦ ሞያሌ ትንሽ ከተማ ናት፤ የማን ዘመድ የማን ሱቅ እንዳለው ይታወቃል። ከሌላ ሰው ከተሰማ ቀሪው ንግግር ሁሉ ይፈርሳል። ሕጉም አለ፦ የኢትዮጵያ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ የኬንያው የእ.ኤ.አ. 2012 የሸማቾች ጥበቃ ሕግም ሐሰተኛ አገላለጽን እንደ ተገቢ ያልሆነ አሠራር ያያል። አንድ ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ ይበቃል።

ተረት፦ ጉድለቱን በግልጽ ከተናገርኩ ማንኛውንም ዕቃ ማስገዛት እችላለሁ።

እውነታ፦ ይህ ዘዴ ድንበር አለው። የሚሞላበት ጊዜ መርዘሙና ክብደቱ ገዢው ከሕይወቱ ጋር ሊያመዛዝናቸው የሚችላቸው ነገሮች ናቸው። ሽፋኑ ያበጠ፣ ሲሞላ እጅ የማያስይዝ ሙቀት የሚያወጣ፣ የተቃጠለ ሽታ ያለው ዕቃ ግን አይመዘንም። እንዲህ ያለው የሊቲየም ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ “ትንሽ ይሞቃል፣ ግን...” ብሎ መቀጠል አይገባም። ላዩ ላይ 20,000 ተጽፎ በመለኪያ ከ20 ዋት ሰዓት በላይ ያልወጣበትም እንዲሁ፤ ያ ከመቀነስ አልፎ ሌላ ዕቃ ነው። ያኔ ስክሪፕቱ ወደ ማስጠንቀቂያ ይቀየራል፤ ገዢው በራሱ እጅ እንዲያውቅበት የሚያስችሉት ምልክቶች ይነገራሉ፦ ሚዛኑ፣ የትንንሹ ፊደል መጥፋት፣ በአንድ ሙሊት መቆሙ። ዕቃው ለባለ ሱቁ ይመለስና እሱም ምክንያቱን ይሰማል፤ ምናልባት እሱም ከአቅራቢው ሲገዛ አያውቀውም ነበር።