አምና ያነጋገረን ሪክሩተር ምን መዝግቦ ይዞናል?

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ በኮምፒውተር ሙያ ከሚሠሩ ኢትዮጵያውያን መካከል ሪክሩተር ደውሎለት የማያውቅ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ኮንትራት ሊያልቅ ሲል ግን ያንኑ አምና የደወለውን ሰው ተመልሶ መፈለግ ብዙዎችን ይከብዳቸዋል። «ሲቸግራት ብቻ ታስታውሰኛለች ይለኛል» የሚለው ይሉኝታ ጣትን ከስልኩ ላይ ያነሳል፤ በተለይ ያኔ የመጨረሻውን ኢሜይል ሳይመልሱ ለቀሩ ሰዎች።

እዚህ ላይ ይሉኝታው ቦታውን ስቷል። የስታፊንግ ኤጀንሲ ገንዘቡን የሚያገኘው ከአሠሪው ነው። በኮንትራት ሥራ አሠሪው ለኤጀንሲው በሰዓት ከሚከፍለው ላይ የሠራተኛው ድርሻና ወጪው ተነስቶ የቀረው የኤጀንሲው ነው። ሪክሩተሩም ብዙውን ጊዜ ኮሚሽን የሚያገኘው ክፍት ቦታው ሲሞላ ነው። ስለዚህ ለቦታ የሚሆን ሰው በራሱ ፈቃድ ተመልሶ ሲመጣለት ቅር የሚሰኝበት ምክንያት የለውም። ትልቁ እንቅፋት ሌላ ነው፤ ሰውየው በዓመቱ ውስጥ እጅግ ብዙ ሰው ስላነጋገረ ማን እንደሆንን አያስታውስም። የሚያስታውስልን መዝገቡ ብቻ ነው።

መዝገቡ ውስጥ ያለው አምና የላክነው ሬዙሜ፣ የጠየቅነው ክፍያ፣ የምንኖርበት ከተማ፣ የሥራ ፈቃዳችን ሁኔታና ነገሩ እንዴት እንደቀረ የሚገልጽ አጭር ማስታወሻ ነው። አዲስ ክፍት ቦታ ሲመጣ ሪክሩተሩ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንን መዝገብ በሙያ ቃላት መፈለግ ነው። በዚህ ዓመት የተማርነው ነገር በአሮጌው ሬዙሜ ላይ ከሌለ ፍለጋው እኛን አያወጣንም። «ሰላም፣ ታስታውሰኛለህ? አሁን ሥራ እየፈለግሁ ነው» የሚል መልእክት ፍሬ አልባ የሚሆነውም ለዚህ ነው። በጨዋነት መልስ ይሰጠዋል፣ መዝገቡ ግን እንዳለ ይቀራል።

ለምሳሌ በሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት ሴት እናስብ። አምና በሄልፕ ዴስክ ትሠራ ነበር። ሪክሩተሩ ሬስተን፣ ቨርጂኒያ ላለ ሥራ በሰዓት 38 ዶላር አቀረበላት፤ መንገዱ ስለራቃት ተወችው፣ የመጨረሻውን ኢሜይልም አልመለሰችም። ከዚያ ወዲህ ወደ ሲስተም አድሚኒስትሬተርነት አድጋለች፣ የማይክሮሶፍት አዙር ሰርተፊኬት ወስዳለች፣ አሁን ደግሞ ኮንትራቷ ሊያልቅ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል።

የመጀመሪያው ሥራዋ ያንን አሮጌ ኢሜይል ፈልጎ ማግኘትና እዚያው ላይ መመለስ ነው። አዲስ ኢሜይል ከጀመረች ሰውየው ከዜሮ ይነሳል። በአሮጌው ላይ ስትመልስ ግን የአምናው ንግግር ከሥሩ ተያይዞ ይመጣል፣ ሪክሩተሩም ፋይሏን በቀላሉ ያገኛል። መልእክቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ይዘቱ ይህን ይመስላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። አምና መጋቢት ላይ ስለ ሬስተኑ የሄልፕ ዴስክ ሥራ ተነጋግረን ነበር፤ ያኔ ሳልመልስልህ በመቅረቴ ይቅርታ። ከዚያ ወዲህ ሲስተም አድሚኒስትሬተር ሆኜ እየሠራሁ ነው፣ የአዙር ሰርተፊኬትም ይዣለሁ። ኮንትራቴ በስድስት ሳምንት ውስጥ ያበቃል። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ወይም በዲሲ፣ አለዚያም ከቤት የሚሠራ ቦታ እፈልጋለሁ፤ የምጠብቀው በሰዓት 48 ዶላር ነው። አዲሱ ሬዙሜዬ ተያይዟል፤ በአሮጌው ምትክ ብታስገባልኝ ደስ ይለኛል።»

ይቅርታው በአንድ ሐረግ እንዳለቀ ልብ ይበሉ። ለምን እንደጠፋች ማብራራት ብትጀምር ሰውየው የሚፈልገውን ነገር ከታች ትቀብረዋለች። ክፍያውን መጥቀሷም አስፈላጊ ነው፤ ዝም ብትል በመዝገቡ ላይ የተያያዘው የአምናው 38 ዶላር ይቀጥላል። በሜሪላንድ ከ2020፣ በዲሲ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ ያለፈ ደመወዝን ጠይቆ መነሻ ማድረግ በሕግ የተከለከለ ነው። የምትጠብቀውን መጠየቅ ግን ይቻላል። ቁጥሩንም አስቀድማ ማስላት አለባት። 48 ዶላር በሳምንት 40 ሰዓት፣ ዓመቱን ሙሉ ቢሠራ 99,840 ዶላር ይሆናል። በኮንትራት ሥራ ግን በዓልና ዕረፍት ብዙ ጊዜ አይከፈልም፤ አራት ሳምንት ሥራ ከሌለ ገቢው 92,160 ይሆናል። ከቋሚ ሥራ ደመወዝ ጋር መነጻጸር ያለበት ይኸኛው ነው፣ ያውም የጤና መድን ሳይታሰብ።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ግን ይቀጥላል። ኤጀንሲ ሬዙሜያችንን ለአሠሪ ከመላኩ በፊት «በእኔ በኩል እንዲቀርብ ፈቅጃለሁ» የሚል ማረጋገጫ በኢሜይል ያስፈርመናል። ስልክ ላይ ሆነን ቶሎ «ይሁን» ብለን የምናልፈው ነገር ነው። በብዙ ውሎች መሠረት አንድን ሰው መጀመሪያ ያቀረበ ኤጀንሲ ለስድስት ወር ወይም ለአንድ ዓመት ያህል በዚያ አሠሪ ዘንድ ባለመብት ይሆናል። ሴትዮዋ አምና ለአንድ አሠሪ ቀርባ ከነበረ፣ ዘንድሮ ሌላ ኤጀንሲ ደግሞ ቢያቀርባት አሠሪው ለማን እንደሚከፍል ክርክር ውስጥ ላለመግባት ሲል ሁለቱንም ሊጥላቸው ይችላል። ለእሷ የሚነግራት የለም፤ የምታየው ዝምታ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከሪክሩተሩ መልስ ሲመጣ አስቀድማ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ «አምና ስሜ በእርግጥ ለየትኛው አሠሪ ተላከ? መቼ?» ብዙ ጊዜ መልሱ «አልተላከም» ነው፤ መልካም፣ ያን ያህል መንገዱ ክፍት ነው። ተልኮ ከሆነ ቀኑን ትይዛለች። ከዚያ በኋላ አሠሪው ማን እንደሆነና የቦታው ቁጥር ስንት እንደሆነ ሳይነገራት ለማንም ፈቃድ አትስጥ። ኤጀንሲ፣ አሠሪ፣ ቀን፣ የተስማማችበት ክፍያ የተጻፉበት አንድ ገጽ ከበቂ በላይ ነው፤ ሦስት ኤጀንሲዎች በአንድ ሳምንት ሲደውሉ ያቺ ገጽ ታድናታለች።

ኢሜይሉ «አድራሻው የለም» ተብሎ ቢመለስስ? በዚህ ሙያ ሰው ቶሎ ቶሎ መሥሪያ ቤት ይቀይራል። በሊንክድኢን ላይ ሰውየውን አዲሱ ቦታው ድረስ መከተል ይቻላል፣ መልካም ትዝታ ካለ ያዋጣልም። ፋይሉ ግን የቀረው በአሮጌው ኤጀንሲ ነው፤ አምና የተሰጠው ፈቃድም የዚያ ኤጀንሲ እንጂ የሰውየው አይደለም። ሁለቱም ጋ መጻፍ ነውር የለውም፣ ለአንድ ዓይነት ቦታ ሁለቱም እንዳያቀርቧት እስከጠበቀች ድረስ። በሌላ በኩል ደግሞ በአምናው ሪክሩተር ስም ከማይታወቅ አድራሻ የሚጽፉ አጭበርባሪዎች አሉ። ገንዘብ ወይም ገና ከመነሻው ሙሉ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሚጠይቅ ከሆነ ወደ ኤጀንሲው ዋና ስልክ ደውሎ ማረጋገጥ ነው።

ያኔ ያነጋገራት ሰው የአንድ ድርጅት የራሱ ቀጣሪ ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ አካሄዱ ይለያል። እሱ ያለው የድርጅቱ ክፍት ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ከድርጅቱ ድረ ገጽ የሚሆናትን ቦታ መርጣ፣ ካመለከተች በኋላ የቦታውን ስም ጠቅሳ ትጽፍለታለች። በኢንተርቪው ያልተሳካለት ሰው ተመልሶ እንዲያመለክት ስድስት ወር ወይም ዓመት የሚያስጠብቁ ድርጅቶችም ስላሉ፣ ዓመቱ መሙላቱ እዚህ ላይ ይጠቅማታል።

አንድ ሳምንት ያህል መልስ ካልመጣ እዚያው ኢሜይል ላይ ሁለት መስመር ጨምሮ መላክ፣ ከዚያም አንድ ጊዜ መደወል ይበቃል። ዝምታው በአብዛኛው ለእሷ የሚሆን ክፍት ቦታ በዚያ ሳምንት የለም ማለት ነው፤ አዲሱ ሬዙሜ መዝገብ ውስጥ ከገባ ግን ቦታው ሲመጣ ፍለጋው ያወጣታል። በሌላ በኩል ሥራ ካገኘች ደግሞ ለሪክሩተሩ የጀመረችበትን ቀንና ኮንትራቱ የሚያበቃበትን ወር ትጽፍለታለች፤ እሱም በፋይሏ ላይ ያንን ወር ይመዘግባል።