አንድ ቀን የተለበሰ ሱፍ እንዴት ይሸጣል?

«ሙሉ ሱፍ፣ አንድ ቀን ብቻ የተለበሰ፣ በጣም አሪፍ፣ በጥሩ ዋጋ።» የጥር ሠርግ ካለፈ በኋላ አርባ ምንጭ ውስጥ የሚወጣ የልብስ ሽያጭ ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ ከዚህ አያልፍም። ሻጩ የጻፈው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ገዢው ግን ማወቅ የፈለገው ሌላ ነው፤ እኔ ላይ ይሆናል ወይ? ካልሆነስ ልብስ ሰፊ የቱን ያህል ያስተካክለዋል? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች የሚመልስ ማስታወቂያ ሻጩን ከብዙ ከንቱ ስልክ፣ ገዢውን ደግሞ ከብዙ ከንቱ መንገድ ያድናል። ከጨንቻ ቁልቁል ወርዶ፣ ወይም ከካምባና ከቦንኬ ተሳፍሮ መጥቶ ትከሻው አልገባ ብሎት የሚመለስ ሰው ቀኑንም ትራንስፖርቱንም ከስሯል።

ሱፍን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቬሎ ብዙ ጊዜ በኪራይ ይገኛል፤ ሱፍ ግን ሙሽራው ገዝቶ፣ የሠርጉን ቀን ለብሶት፣ በመልሱ የሀገር ልብስ ቀይሮ፣ ከዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጠው ንብረት ነው። ለአርባ ምንጭ ሙቀት ገበር ያለው ኮት የዕለት ልብስ አይሆንም። ገዢ ደግሞ አይጠፋም፤ ቀጣዩ ሙሽራ አለ፣ ሚዜ አለ፣ ከዩኒቨርሲቲው የሚመረቅ ተማሪ አለ።

ከቁጥሩ እንጀምር። ቱርክ ሠራሽ በሆኑት ሱፎች ላይ የምናየው 48፣ 50፣ 52 የሚለው ቁጥር የሰውየው የደረት ዙሪያ ግማሽ ነው። 50 ማለት ደረቱ 100 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሰው የተቆረጠ ማለት ነው። አጠገቡ ድሮፕ 6 የሚል ከተጻፈ የወገቡ ግማሽ ከደረቱ ግማሽ በ6 ያንሳል፤ ስለዚህ ሱሪው ወገቡ 88 ለሆነ ሰው ነው። ይሁንና አንዱ ፋብሪካ ጠበብ፣ ሌላው ሰፋ አድርጎ ስለሚቆርጥ በቁጥሩ ብቻ መተማመን አይቻልም። ልብሱን ራሱን መለካት ይሻላል።

ኮቱ ቁልፉ ተቆልፎ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። ከአንዱ ብብት ስፌት እስከ ሌላው ያለው ርቀት ይለካና በሁለት ይባዛል፤ ይህ የኮቱ ደረት ነው። የኮቱ ደረት ከሰውየው ደረት ከ8 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር መብለጥ አለበት፤ አለበለዚያ መተንፈስም እጅ ማንሳትም ያስቸግራል። ትከሻው ከጀርባ በኩል ከአንዱ የእጅጌ ስፌት እስከ ሌላው፣ እጅጌው ከትከሻ ስፌት እስከ ጫፉ፣ ቁመቱ ከኮሌታው ሥር እስከ ታች ይለካል። የሱሪው ወገብ ተዘርግቶ ተለክቶ በሁለት ይባዛል፤ እግሩ ደግሞ በውስጥ ስፌቱ ከጉያ እስከ ጫፍ ይለካል።

አሁን ብዙ ሻጭ የሚዘለው ነገር ይመጣል፤ ልብሱን ገልብጦ ማየት። ልብስ የሚሰፋው ውስጡ በተረፈው ጨርቅ ልክ ብቻ ነው። የሱሪውን የኋላ ስፌት ከውስጥ ስትመለከቱ፣ ወገቡ ዘንድ ግራና ቀኝ የተጣጠፈ ትርፍ ታያላችሁ። በደንብ በተሰፋ ሱሪ ላይ በየጎኑ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ለአዲሱ ስፌት መያዣ በየጎኑ አንድ አንድ ይቀርና ሌላው ይለቀቃል። መቀነቱ የሚያልፍበት የወገብ ጥብጣብም ከኋላ መሀሉ ላይ ስፌት ሊኖረው ይገባል፤ እንደ ጂንስ ወጥ ከሆነ ከታች ያለው ትርፍ ብቻውን አይጠቅምም። ከእግሩ ጫፍ የታጠፈውም እንዲሁ ይለካል፤ ሱሪው የሚረዝመው በእሱ ነውና።

እጅጌው ላይ ቁልፎቹን ልብ ይሏል። ብዙ ኮት ላይ የቁልፍ ቀዳዳው በክር ተሠርቶ ጨርቁ ግን አልተቀደደም። እንዲህ ከሆነ እጅጌው ከጫፉ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያለ ችግር ያጥራል፣ ትርፍ ካለውም ይረዝማል። ቀዳዳው በእውነት ከተበሳ ግን ማሳጠሩ ከትከሻ በኩል እጅጌውን ነቅሎ መልሶ መግጠም ይጠይቃል። ያንን ሁሉም ልብስ ሰፊ አይደፍረውም፤ የሚደፍረውም ርካሽ አያስከፍልም።

የማይነካው ትከሻ ነው። ትከሻ ለማጥበብ እጅጌው ይነቀላል፣ ኮሌታው ይፈታል፣ ውስጥ ያለው ትራስ ይቀየራል፤ ለማስፋት ደግሞ ጨርቅ የለም። የኮቱ ቁመትም ቢሆን ከአንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር በላይ ከተነካ ኪሱና ቁልፉ ከቦታቸው የወረዱ ይመስላሉ። የኮቱ ወገብ በጎን ስፌቶች አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ሊጠብ ይችላል፤ ሲሰፋ ግን ከአንድ ሁለት አያልፍም። በማስታወቂያው ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የትከሻው ልክ ይጻፍ የምለው ለዚህ ነው።

«አንድ ቀን የተለበሰ» የሚለውም ማስረጃ አለው። የአዲስ ኮት የውጭ ኪሶች ብዙውን ጊዜ በክር ተዘግተው ይመጣሉ፤ ያ ክር ካልተፈታ ጥሩ ምስክር ነው። የሱሪው መቀመጫ ካብለጨለጨ፣ የእግሩ ጫፍ ተረከዝ በሚነካበት ቦታ ከሳሳ፣ የአንድ ቀን ነገር አይደለም። ከታጠፈው ትርፍ ጨርቅ ጋር ውጩን አስተያዩ፤ ውስጡ ደምቆ ውጩ ከደበዘዘ ልብሱ ፀሐይ ጠግቧል፣ ወገቡ ቢሰፋም መስመሩ ይታያል። ከሁሉ የከፋው ውኃ ነው። የኮቱ ደረት ከውስጥ በሙጫ የተለጠፈ ጨርቅ አለው፤ ቤት ውስጥ ከታጠበ ሙጫው ይለቅና ደረቱ ላይ እዚህም እዚያም እንደ ቃጠሎ ውኃ የቋጠሩ ትናንሽ እብጠቶች ይወጣሉ። ይህን የሚመልስ ካውያ የለም።

እንግዲህ ለምሳሌ የሚሆን ማስታወቂያ እንጻፍ።

«ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ሱፍ፣ ኮትና ሱሪ። ቁጥር 50፣ ድሮፕ 6። ትከሻ 46 ሳንቲ ሜትር። ኮቱ ተዘርግቶ ደረቱ 54፣ እጅጌው 63፣ የኋላ ቁመቱ 73። ሱሪው ተዘርግቶ ወገቡ 44፣ የውስጥ እግሩ 80። የሱሪው የኋላ ስፌት በየጎኑ 3 ትርፍ አለው፤ የእግሩ እጥፋት 4። የእጅጌው ቁልፍ ቀዳዳ አልተበሳም። ለአንድ ሠርግ ብቻ ተለብሶ ላውንድሪ ገብቷል፤ ቤት አልታጠበም። እንከን፦ የግራ ብብቱ ገበር በላብ ትንሽ ደብዝዟል፤ ከውጭ አይታይም። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ይታያል፤ ልብስ ሰፊ ይዞ መምጣት ይቻላል። የማስተካከያ ወጪ የገዢው ነው።»

ይህን ያነበበ አንድ የጨንቻ ሙሽራ እናስብ። ደረቱ 98፣ ወገቡ 92፣ ትከሻው የሚሆነው ኮት 46፣ እጅጌው 61። ኮቱ 108 ስለሆነ በደረቱ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ይተርፈዋል፤ ይበቃል። እጅጌው ሁለት ያጥራል፤ ቀዳዳው ስላልተበሳ ቀላል ነው። ሱሪው 88 ነው፤ አራት ይጎድለዋል። በየጎኑ ካለው 3 ሁለት ሁለት ሲለቀቅ ልክ አራት ይመጣል። ይሆናል ማለት ነው፤ ግን መጨረሻው ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመር ክር እንኳ አይኖርም። የሠርግ ቀን ተቀምጦ እንደሚበላ የሚያስብ ሰው ይህን ቀድሞ ቢያውቅ ይሻለዋል። ወንድሙ ትከሻው 48 ቢሆን ኖሮ ግን ደረቱም ወገቡም ቢስማማው እንኳ መንገድ መጀመር አልነበረበትም።

ሙሽራው ሲለካ አንድ ነገር ይጠንቀቅ። ጨንቻ ከፍታው 2,700 ሜትር አካባቢ ነው፤ ብርድ ስለሆነ ሹራብ ደርቦ ይለካና አርባ ምንጭ በሸሚዝ ሲለብሰው ኮቱ ይሰፋበታል። በሚለብሰው ሸሚዝ ላይ መለካት ይገባዋል፤ ጫማውንም ይዞ ይምጣ፤ የሱሪው ርዝመት ያለ ጫማው አይታወቅም።

የመጀመሪያው ጉብኝት ከክፍያ በፊት ነው፤ ቢቻል ልብስ ሰፊው ቤት ውስጥ። ኮቱን ለብሶ እጁን አውርዶ ግድግዳ አጠገብ በጎኑ ይቁም፤ ከክንዱ ቀድሞ የትከሻው ትራስ ግድግዳውን ከነካ ትከሻው ሰፊ ነው። አንዱን ቁልፍ ሲቆልፍ ጨርቁ ከቁልፉ ወደ አራት አቅጣጫ ከተወጠረ ጠቧል። ይቀመጥ፣ ጎንበስ ይበል፣ እጁን ዘርግቶ ሰው እንደሚያቅፍ ያድርግ። ልብስ ሰፊው በስፒልና በጠመኔ ምልክት ያደርጋል፤ «ይሆናል» ካለ ገንዘቡ ይከፈላል። ቀን የሚያስፈልገው ገዢ ቀብድ ይስጥ፤ ቀብዱ የሚመለሰው በምን ሁኔታ እንደሆነ ግን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን።

በሁለተኛው ጉብኝት ወገቡ በእጅ ተወስውሶ ይሞከራል፤ ገና በማሽን አልተሰፋም። የሱሪው እግር ከወገቡ በኋላ ይቆረጣል፤ ወገቡ ሲለቀቅ ሱሪው ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ርዝመቱ ይለወጣል። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰፊ ሁለት ጊዜ ይሠራል። ሦስተኛው መረከቢያ ነው፤ እዚያው ለብሶ ነው የሚወጣው። ከሩቅ የሚመጣ ሰው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በአንድ ቀን፣ ጧትና ከሰዓት አድርጎ መቀጠር ይችላል።

ቬሎ የምትሸጥ ካለች ሦስት ነገር አትርሳ። ጀርባው በገመድ የሚታሰር ከሆነ ለጠበበችም ለሰፋችም ስለሚሆን ይጻፍ፤ ዚፕ ከሆነ በትርፉ ብቻ ይሰፋል። የራሷን ቁመትና የለበሰችውን የጫማ ተረከዝ ትጻፍ። ጫፉ ዙሪያውን ዳንቴል ከሆነ ከታች መቁረጥ አይቻልም፤ ማሳጠሩ ከወገብ ነው፣ ሥራውም ብዙ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ የኦርቶዶክስ ሠርግ የሚበዛው ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ነው፤ ፕሮቴስታንቱ በሌላም ጊዜ ያገባል። ከጥር 11 በኋላ ልብስ ሰፊዎች ወረፋ ይይዛሉ፣ ለአሮጌ ስፌት መፍታት ጊዜ አይሰጡም። ስለዚህ የአምናውን ሱፍ የምትሸጡ ማስታወቂያውን በኅዳር አውጡ፤ የምትገዙም የመጀመሪያውን ልኬት ከታኅሣሥ አጋማሽ አታሳልፉ።