ኢሜይሉ ደርሷል፣ ግን ስፓም ውስጥ ነው

አንድ ቡና ላኪ ድርጅት ለዓመታት ዌብሳይቱን ያስቀመጠለት ኩባንያ በሰጠው ኢሜይል ሲጠቀም ቆይቶ ወደ ጉግል አገልግሎት ተዛወረ እንበል። አድራሻው አልተለወጠም፤ ሠራተኞቹም እንደወትሮው ይጽፋሉ፣ ይልካሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ጀርመን ያለው ገዢ ዝም ይላል። ተደውሎ ሲጠየቅ ፕሮፎርማው አልደረሰኝም ይላል፤ ፈልግ ሲባል ስፓም ውስጥ ያገኘዋል። ቢሮው የደብዳቤውን ርዕስ ይቀይራል፣ አባሪውን ያሳንሳል፣ ደግሞ ይልካል። ፕሮፎርማው አሁንም እዚያው ስፓም ውስጥ ይገባል።

ችግሩ ደብዳቤው ውስጥ ስላልሆነ ነው። ኢሜይል የሚጓዝበት ሥርዓት በ1982 ሲነደፍ የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጥበት መንገድ አልተበጀለትም። ማንኛውም ሰርቨር በላኪው ቦታ የፈለገውን አድራሻ ጽፎ መላክ ይችላል። አጭበርባሪዎች በሰው ድርጅት ስም የሐሰት ኢንቮይስ የሚልኩትም በዚሁ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳውን ለመድፈን በኋላ ሁለት ማረጋገጫዎች መጡ፤ ኤስፒኤፍ እና ዲኪም። ሁለቱም የሚጻፉት በድርጅቱ ዶሜይን የዲኤንኤስ መዝገብ ላይ ነው። ይህን መዝገብ ማንም ሰው ከኢንተርኔት ላይ ሊያነበው ይችላል፤ ሊቀይረው የሚችለው ግን ዶሜይኑን የሚያስተዳድረው ብቻ ነው።

ኤስፒኤፍ በድርጅቱ ስም ኢሜይል እንዲልኩ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች ዝርዝር ነው። ተቀባዩ ሰርቨር ደብዳቤው ከየትኛው አይፒ አድራሻ እንደመጣ ያያል፣ የላኪውን ዶሜይን መዝገብ ይከፍታል፣ አይፒው ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ያመሳክራል። የቡና ላኪው ዶሜይን example.com ቢሆን፣ ድርጅቱ ወደ ጉግል ሲዛወር መዝገቡ ላይ የተገኘው ይህ ነው፦

```
v=spf1 ip4:203.0.113.25 -all
v=spf1 include:_spf.google.com ~all
```

የመጀመሪያው መስመር የድሮውን ሰርቨር ይፈቅዳል፤ ሁለተኛው በዝውውሩ ጊዜ ለጉግል የተጨመረ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ እንከን የለበትም። ደንቡ ግን አንድ ዶሜይን አንድ የኤስፒኤፍ መስመር ብቻ እንዲኖረው ያዛል። ሁለት ሲያገኝ ተቀባዩ አንዱን መርጦ አያነብም፤ መዝገቡ ተሳስቷል ብሎ ሁለቱንም ይተዋል። ድርጅቱ ሁለቱንም ላኪዎች ልፍቀድ ብሎ ማንንም ሳይፈቅድ ቀረ ማለት ነው። አሮጌውን መስመር ዝም ብሎ መሰረዝም መፍትሔ አይሆንም፤ የዌብሳይቱ የትዕዛዝ ቅጽ አሁንም መልእክት የሚልከው ከድሮው ሰርቨር ነውና። ትክክለኛው ሁለቱን በአንድ መስመር ማዋሐድ ነው፦

```
v=spf1 ip4:203.0.113.25 include:_spf.google.com ~all
```

መጨረሻ ላይ ያለው `~all` ከዚህ ዝርዝር ውጪ የሚመጣውን በጥርጣሬ እዩት ማለት ነው፤ `-all` ደግሞ ፈጽሞ የእኛ አይደለም ይላል። ሁሉም ላኪዎች ተለይተው እስኪታወቁ ድረስ በመጀመሪያው መቆየት ይሻላል። የኢንቮይስ ፕሮግራም፣ የማስታወቂያ ኢሜይል አገልግሎት እየተባለ `include` ሲደራረብም ሌላ ገደብ አለ፤ መስመሩን አንብቦ ለመጨረስ ተቀባዩ ዲኤንኤስን ከ10 ጊዜ በላይ መጠየቅ ካስፈለገው ማረጋገጫው ይወድቃል። ስለዚህ ድርጅቱ መጠቀም ያቆመውን አገልግሎት ከመስመሩ ማውጣት ያስፈልጋል።

ኤስፒኤፍ የሚያየው ደብዳቤው የመጣበትን ሰርቨር ብቻ ነው። ገዢው የድርጅት ኢሜይሉን በራሱ ጊዜ ወደ ሌላ ሳጥን እንዲተላለፍለት አድርጎት ከሆነ፣ ሁለተኛው ሳጥን የሚያየው ያስተላለፈውን ሰርቨር አይፒ ነው፤ ያ ደግሞ ከቡና ላኪው ዝርዝር ውስጥ የለም። ዲኪም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ዲኪም በደብዳቤ ላይ እንደሚያርፍ የመሥሪያ ቤት ማኅተም ነው፤ ደብዳቤው በማንም እጅ ቢያልፍ ማኅተሙ አብሮት ይሄዳል። ላኪው ሰርቨር በሚስጥር ቁልፍ ይፈርማል፤ ተቀባዩ ከዲኤንኤስ ላይ ይፋዊውን ቁልፍ ወስዶ ፊርማውን ይመረምራል። በመንገድ ላይ የደብዳቤው ይዘት ከተነካ ፊርማው አይገጥምም።

ጉግል ላይ ይህን ለማብራት የአስተዳዳሪው ገጽ ውስጥ ቁልፍ ይፈጠራል፣ ከዚያ `google._domainkey` በሚል ስም ዲኤንኤስ ላይ ይገባል። ብዙዎች እዚህ ላይ ያበቃ ይመስላቸዋል። ተመልሶ `Start authentication` የሚለውን መጫን ግን ይቀራል፤ ካልተጫነ በድርጅቱ ስም መፈረም አይጀምርም። ሌላው የተለመደ ስህተት ቁልፉ ሲገለበጥ መቆረጡ ነው። ባለ 2048 ቢት ቁልፍ ዲኤንኤስ በአንድ ጥቅስ ውስጥ ከሚቀበለው 255 ፊደል ይረዝማል፤ ስለዚህ በሁለት ጥቅስ ተከፍሎ መግባት አለበት። አንዳንድ የዲኤንኤስ ገጾች ራሳቸው ይከፍሉታል፣ ሌሎቹ ግን የተረፈውን ይቆርጡታል።

ስህተቱ የት እንዳለ ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። ከድርጅቱ አድራሻ ወደ አንድ የግል ጂሜይል ደብዳቤ ይላክ። ጂሜይል ላይ ደብዳቤው ተከፍቶ ሦስቱ ነጥቦች ሲነኩ `Show original` የሚል ይመጣል። እዚያ የሁለቱም ማረጋገጫዎች ውጤት ተጽፏል። የቡና ላኪው ድርጅት ከዝውውሩ በኋላ የሚያየው `spf=permerror` ነው፤ መዝገቡ ራሱ ተበላሽቷል ማለት ነው። `softfail` ቢል ኖሮ መዝገቡ ደህና ሆኖ የላከው ሰርቨር ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም ማለት ነበር። ዲኪም ላይ ደግሞ `PASS` የሚለውን ብቻ አይቶ ማለፍ ያሳስታል። ድርጅቱ የራሱን ቁልፍ ካላበራ ጉግል በ`gappssmtp.com` በሚያልቅ የራሱ ዶሜይን ይፈርማል። ፊርማው ትክክል ነው፣ ግን የሌላ ሰው ፊርማ ነው። ከ`PASS` አጠገብ የድርጅቱ የራሱ ዶሜይን መጻፉ መታየት አለበት።

የዌብሳይቱም መልእክት በዚሁ መንገድ ለብቻው ይፈተሽ፤ ከሌላ ሰርቨር ስለሚወጣ የቢሮው ኢሜይል ማለፉ ለእሱ ማስረጃ አይሆንም። ማስተካከያው እስኪታይ ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ቀን ሊወስድ ስለሚችል፣ ወዲያው ለውጥ አልመጣም ብሎ መዝገቡን ደጋግሞ መነካካት ሌላ ስህተት ይጨምራል።

ጉዳዩን ቸል ማለት ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ያስከፍላል። ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጉግልና ያሁ ከላኪ ሁሉ ቢያንስ አንዱን ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። ለጂሜይል ተጠቃሚዎች በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ መልእክት የሚልክ ደግሞ ሁለቱንም፣ በተጨማሪም ዲማርክ የተባለውን ሦስተኛ መዝገብ ማሟላት አለበት። ዲማርክ ከሁለቱ አንዱ አልፎ፣ ያለፈበት ዶሜይን በላኪው ቦታ ከሚታየው አድራሻ ጋር መግጠሙን ያያል፤ ካልገጠመ ደብዳቤው ምን ይደረግ የሚለውን የሚወስነው የዶሜይኑ ባለቤት ነው።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ደብዳቤ ስፓም ሊገባ ይችላል። ማረጋገጫዎቹ ላኪው እውነተኛ መሆኑን ይናገራሉ እንጂ ደብዳቤው ተፈላጊ ነው አይሉም። ፈቃዳቸውን ላልሰጡ ሰዎች ማስታወቂያ የሚበትን ድርጅት ተቀባዮች ስፓም ብለው በጠቆሙት ቁጥር ስሙ ይጎድፋል፤ ያንን የትኛውም መዝገብ አያጸዳውም። ፕሮፎርማ ለሚልክ ቡና ላኪ ግን ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ድረስ አይደርስም። በስሙ ኢሜይል የሚልኩትን ሁሉ፣ ቢሮውን፣ ዌብሳይቱን፣ የሒሳብ ፕሮግራሙን፣ በአንድ ወረቀት ላይ ዘርዝሮ ከመዝገቡ ጋር ቢያመሳክር ጉድለቱን ያገኘዋል። አገልግሎት ሰጪ ሲቀየር ደግሞ ይህ ማመሳከር ከመጀመሪያው ፕሮፎርማ በፊት ይደረግ።